አይገንቬክተር ሲጎድል፦ የጆርዳን ፎርም እንዴት ይሠራል?

ማትሪክስ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። በአንድ ቬክተር ላይ ሲባዛ ሌላ ቬክተር ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜም የቬክተሩን ርዝመትም አቅጣጫም ይለውጣል። ጥቂት ቬክተሮች ግን ከዚህ ያመልጣሉ። ማትሪክሱ ሲባዛባቸው በነበሩበት መስመር ላይ ይቆዩና ርዝመታቸው ብቻ ይለወጣል፣ ወይም በዚያው መስመር ወደ ኋላ ይገለበጣሉ። እነዚህ አይገንቬክተር ይባላሉ። ቬክተሩ የሚባዛበት ቁጥር ደግሞ አይገንቫልዩ ነው። ማትሪክሱን A፣ ቬክተሩን v፣ ቁጥሩን λ ካልናቸው ነገሩ Av = λv በሚል አጭር እኩልታ ይጠቃለላል፤ እዚህ ላይ v ዜሮ ቬክተር መሆን አይችልም።

ሦስት ረድፍና ሦስት ዓምድ ያለው ማትሪክስ ሦስት እርስ በርስ ነጻ የሆኑ አይገንቬክተሮች ከተገኙለት ሥራው ሁሉ ይቀላል። ነጻ ማለት አንዱ ከሌሎቹ ተባዝቶና ተደምሮ የማይገኝ ማለት ነው። እነዚህን ቬክተሮች እንደ መለኪያ መስመር ወስዶ ማትሪክሱን እንደገና መጻፍ ይቻላል። በአዲሱ አጻጻፍ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ በሚወርደው ዲያጎናል ላይ አይገንቫልዩዎቹ ይቀመጣሉ፤ ሌላው ቦታ በሙሉ ዜሮ ይሆናል። የዚህ ዓይነቱን ማትሪክስ አንድ መቶ ጊዜ በራሱ ማባዛት እያንዳንዱን የዲያጎናል ቁጥር ወደ መቶኛ ርቢ ከማሳደግ አያልፍም።

ችግሩ ሁሉም ማትሪክስ በቂ አይገንቬክተር የሌለው መሆኑ ነው። የሚከተለው ትንሽ ማትሪክስ ይህን ያሳያል።

```
A = [  3   1 ]
    [ -1   1 ]
```

አይገንቫልዩ የሚገኘው ከዲያጎናሉ ቁጥሮች ላይ λ ተቀንሶ የሚወጣው ዲተርሚናንት ዜሮ ሲሆን ነው። እዚህ ዲተርሚናንቱ (3 − λ)(1 − λ) + 1 ነው፤ ሲዘረዘር λ² − 4λ + 4፣ ማለትም (λ − 2)² ይሆናል። ስለዚህ ያለው አይገንቫልዩ 2 ብቻ ሲሆን ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ቀጥሎ አይገንቬክተሩን ለማግኘት ከ A ላይ 2 እጥፍ የአይደንቲቲ ማትሪክስ ይቀነሳል። የሚቀረውን N እንበለው።

```
N = A − 2I = [  1   1 ]
             [ -1  -1 ]
```

N ወደ ዜሮ የሚለውጠው ቬክተር ሁሉ የ A አይገንቬክተር ነው። ሁለቱም ረድፎች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ የቬክተሩ ሁለት ቁጥሮች ድምር ዜሮ ይሁን። ይህን የሚያሟላው v = (1, −1) እና የእርሱ ብዜቶች ብቻ ናቸው። አይገንቫልዩው ሁለት ጊዜ ቢቆጠርም የሰጠው አቅጣጫ አንድ ብቻ ሆነ። በፖሊኖሚያሉ ውስጥ የተደገመበት ቁጥር የአልጀብራ ብዜት ይባላል፤ የሰጣቸው ነጻ አይገንቬክተሮች ቁጥር ደግሞ የጂኦሜትሪ ብዜት ነው። የጂኦሜትሪው ከአልጀብራው ሲያንስ አይገንቫልዩው ጎዶሎ ይባላል፤ ማትሪክሱንም ዲያጎናል ማድረግ አይቻልም። መደገም ብቻውን ግን ጉድለት አይደለም። አይደንቲቲ ማትሪክስ አይገንቫልዩው 1 ብቻ ሆኖ እየተደገመም አይገንቬክተሮቹ አይጎድሉም፤ ዜሮ ያልሆነ ማንኛውም ቬክተር አይገንቬክተሩ ነውና።

ለጎደለው ቦታ ምን ይሙላ? መልሱ የሚገኘው N በራሱ ሲባዛ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ከመጀመሪያው ዓምድ ጋር 1 − 1 ይሰጣል፤ የቀሩትም እንዲሁ ይጣፋሉ። ስለዚህ N² በሙሉ ዜሮ ነው። ይህ ማለት አይገንቬክተር ያልሆነ ቬክተር እንኳ በ N አንድ ጊዜ ሲባዛ ባይጠፋ ሁለተኛው ላይ ይጠፋል። መስፈርቱን በዚህ መልክ ማላላት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። አይገንቬክተር በአንድ እርምጃ ዜሮ ይሆናል፤ አጠቃላይ አይገንቬክተር ግን በሁለት፣ በሦስት ወይም ከዚያ በላይ እርምጃ ዜሮ ቢሆንም ይበቃዋል።

እዚህ የሚፈለገው w በ N ሲባዛ v ላይ የሚያርፍ ቬክተር ነው፤ ማለትም Nw = v። ከቁጥሮቹ እንደሚታየው የ w ሁለት ቁጥሮች ድምር 1 መሆን አለበት፤ w = (1, 0) ይህን ያሟላል። w ብቸኛ መልስ አይደለም፤ የ v ማንኛውም ብዜት ቢደመርበት እኩልታው አይፈርስም፤ N ያንን ጭማሪ ያጠፋዋልና። v እና w ነጻ መሆናቸውም በአንድ መስመር ይረጋገጣል። av + bw ዜሮ ነው ብንልና ሁለቱንም ወገን በ N ብናባዛ bv ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ b ዜሮ ነው፣ ከዚያም a ዜሮ ይሆናል።

N የተገኘው ከ A ላይ 2I ተቀንሶ ስለሆነ Nw = v የሚለው እኩልታ Aw = 2w + v ማለት ነው። w በ A ሲባዛ እንደ አይገንቬክተር ሁለት እጥፍ ያድጋል፤ ነገር ግን አንድ v ጨምሮ ይመለሳል። v እና w ዓምዶቹ የሆኑለት ማትሪክስ P ከተባለ፣ በእነዚህ መስመሮች የተጻፈው A የሚከተለውን መልክ ይይዛል።

```
P = [  1   1 ]      J = [ 2   1 ]
    [ -1   0 ]          [ 0   2 ]
```

J የጆርዳን ፎርም ነው። በዲያጎናሉ ላይ አይገንቫልዩው ተደግሞ ይቀመጣል፤ ከዲያጎናሉ በላይ ያለችው 1 ደግሞ w ይዞት የመጣው v ናት። የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል፤ w ከ v ቀድሞ ከተጻፈ 1 ከዲያጎናሉ በታች ይወርዳል። እንዲሁም v ካማረ ብሎ ወደ (−1, 1) የለወጠ ሰው w እንደነበረ ከተወው በ 1 ፋንታ −1 ያገኛል። በአንድ ሰንሰለት ላይ ያሉ ቬክተሮች አንዱ ሲባዛ ሁሉም አብረው መባዛት አለባቸው። ውጤቱን ለመፈተሽ የ P ተገላቢጦሽ መፈለግ አያስፈልግም፤ P ነጻ ዓምዶች ካሉት AP እና PJ እኩል መሆናቸውን ማየት ይበቃል።

ማትሪክሱን ወደ ርቢ ማሳደግም በዚሁ መንገድ ይቀላል። A = 2I + N ነው፤ N² ዜሮ ስለሆነ ርቢው ሲዘረዘር ሁለት አባላት ብቻ ይተርፋሉ፦ Aⁿ = 2ⁿI + n·2ⁿ⁻¹N። ለምሳሌ አሥረኛው ርቢ ከ 1024 እጥፍ አይደንቲቲ እና ከ 5120 እጥፍ N ይደመራል።

```
A^10 = [  6144   5120 ]
       [ -5120  -4096 ]
```

በቀመሩ ውስጥ n ከርቢው ውጭ ብቻዋን መቆሟ የጉድለት ምልክት ነው። ዲያጎናል በሚሆን ማትሪክስ ውስጥ የሚታዩት የአይገንቫልዩዎቹ ርቢዎች ብቻ ናቸው። አይገንቫልዩው 1 ቢሆን ኖሮ ዲያጎናሉ ማትሪክስ ምንም አያድግም ነበር፤ ጎዶሎው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ N እየጨመረ ያለማቋረጥ ያድጋል። የአንድ ሥርዓት መረጋጋት የሚጠናው በአይገንቫልዩዎቹ መጠን ብቻ ከሆነ ይህ ልዩነት ያመልጣል።

ይህን ፎርም በስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው ካሚይ ጆርዳን ነው። በ1838 በሊዮን ተወለደ፣ በማዕድን መሐንዲስነት ሠለጠነ፣ በ1922 ዐረፈ። ፎርሙን ያወጣው በ1870 ባሳተመው ስለ ሰብስቲቲዩሽኖችና ስለ አልጀብራ እኩልታዎች በሚያትተው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ካርል ቫየርሽትራስ በ1868 በሌላ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር፤ በ1874 ደግሞ ጆርዳን ከሊዮፖልድ ክሮኔከር ጋር ስለ ሁለቱ መንገዶች በጽሑፍ ተከራክሯል። እኩልታዎችን ረድፍ በረድፍ የማጣፋት ዘዴ ላይ ከጋውስ ጋር ስሙ የሚነሣው ጆርዳን ግን ሌላ ሰው ነው፤ ጀርመናዊው የመሬት ቀያሽ ቪልሄልም ጆርዳን።

ባለ ሁለት ረድፍ ማትሪክስ ላይ አሠራሩ ቀና ነው፤ አይገንቬክተሩ አንድ ስለሆነ ምርጫ የለም። አብዛኛው ስሕተት የሚገባው አይገንቬክተሩ ከአንድ በላይ ሆኖም አሁንም ሳይበቃ ሲቀር ነው። የሚከተለውን ማትሪክስ ከ N ጋር አብሮ ማየት ይጠቅማል።

```
A = [  3  -1  -1 ]      N = A − 2I = [  1  -1  -1 ]
    [  2   0  -2 ]                   [  2  -2  -2 ]
    [ -1   1   3 ]                   [ -1   1   1 ]
```

የዚህ ማትሪክስ ፖሊኖሚያል (λ − 2)³ ነው፤ ማለትም 2 ሦስት ጊዜ ይደገማል። የ N ሦስት ረድፎች አንዱ የሌላው ብዜት ስለሆኑ የሚሰጡት መስፈርት አንድ ብቻ ነው፦ x − y − z = 0። ይህን የሚያሟሉ ሁለት ነጻ ቬክተሮች ወዲያው ይታያሉ፤ (1, 1, 0) እና (1, 0, 1)። ሦስት ያስፈልግ ነበር፣ ሁለት ተገኘ፤ ስለዚህ አንድ ይጎድላል።

ብዙ ተማሪ በዚህ ጊዜ የባለ ሁለቱን ረድፍ ምሳሌ ይደግማል። ካገኛቸው ቬክተሮች አንዱን፣ ለምሳሌ (1, 1, 0)ን ወስዶ Nw = (1, 1, 0) የሚለውን እኩልታ ለመፍታት ይሞክራል። የመጀመሪያው ረድፍ x − y − z = 1 ይላል፤ ሁለተኛው የዚያው እጥፍ 1 ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዜሮ ነው ይላል። እኩልታዎቹ ይጋጫሉ። በ (1, 0, 1) ቢሞከርም ያው ነው፤ አንድ ቁጥር 1 ሆኖ ሳለ እጥፉ ዜሮ እንዲሆን ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ሠሪው ስሌቱን ተሳስቻለሁ ብሎ ወደ ኋላ መመለሱ የተለመደ ነው። ስሌቱ ግን ትክክል ነው። ሁለቱም እውነተኛ አይገንቬክተሮች ናቸው፤ ሆኖም ማንኛቸውም የሰንሰለት መጨረሻ መሆን አይችሉም።

ምክንያቱ የ N ዓምዶች ላይ ይነበባል። ሦስቱም የ (1, 2, −1) ብዜቶች ናቸው፤ ስለዚህ N ማንኛውንም ቬክተር ቢቀበል የሚመልሰው በዚህ አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው። Nw = v መፍትሔ የሚኖረው v በዚያ መስመር ላይ ሲያርፍ ነው። (1, 2, −1) ራሱ አይገንቬክተር ነው፤ 1 − 2 + 1 ዜሮ ስለሚሰጥ። ከሁለቱ ከተመረጡት ቬክተሮች ሲገነባ ከመጀመሪያው እጥፍ ላይ ሁለተኛው ተቀንሶ ይገኛል፤ እነርሱን ለየብቻ የሚያይ ሰው ግን አያገኘውም።

ስለዚህ ሰንሰለቱን ከላይ ወደ ታች መሥራት የተሻለው መንገድ ነው። መጀመሪያ በ N የማይጠፋ፣ በ N² ግን የሚጠፋ ቬክተር ይመረጣል። እዚህ N² በሙሉ ዜሮ ስለሆነ x − y − z ዜሮ የማይሆንበት ማንኛውም ቬክተር ይሆናል፤ w = (1, 0, 0) ቀላሉ ነው። ከዚያ w በ N ይባዛል፤ የሚወጣው u = (1, 2, −1) ነው። አይገንቬክተሩ የሚወለደው ከ w ስለሆነ የመጋጨት ዕድል የለም። የጎደለውን ቦታ ለመሙላት ከ u ጋር ነጻ የሆነ አንድ ሌላ አይገንቬክተር ይጨመራል፤ (1, 1, 0) ይበቃል። እርሱ ብቻውን የርዝመት አንድ ሰንሰለት ነው።

```
P = [  1   1   1 ]      J = [ 2   1   0 ]
    [  2   0   1 ]          [ 0   2   0 ]
    [ -1   0   0 ]          [ 0   0   2 ]
```

ለማረጋገጥ A በ w ሲባዛ (3, 2, −1) ይሰጣል፤ 2w + u ም ያው ነው። የ P ዲተርሚናንት −1 ስለሆነ ሦስቱ ዓምዶች ነጻ ናቸው። J ውስጥ ሁለት ብሎኮች አሉ፤ አንዱ ባለ ሁለት፣ ሌላው ባለ አንድ። በጥቅሉ እያንዳንዱ ሰንሰለት አንድ ብሎክ ይሰጣል፣ የብሎኩ መጠንም የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። የብሎኮቹ ብዛት ከነጻ አይገንቬክተሮቹ ብዛት ጋር እኩል ነው፤ እያንዳንዱ ሰንሰለት በአንድ አይገንቬክተር ያልቃልና።

ለሦስት ረድፍ ይህ ብዛት ቅርጹን ለመወሰን ይበቃል። በአራት ረድፍ ላይ አይበቃም። አይገንቫልዩው አራት ጊዜ ተደግሞ ሁለት አይገንቬክተር ቢሰጥ ሰንሰለቶቹ ሁለትና ሁለት፣ ወይም ሦስትና አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያቸው N² ነው። ሰንሰለቶቹ ሁለትና ሁለት ከሆኑ N² ሁሉንም ነገር ያጠፋል፤ ሦስትና አንድ ከሆኑ ግን የሦስቱ ሰንሰለት ራስ ላይ ያለው ቬክተር ይተርፋል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ N የሚያጠፋቸው ነጻ ቬክተሮች ይቆጠራሉ፣ ከዚያ N² የሚያጠፋቸው፣ ከዚያ N³ የሚያጠፋቸው። በእያንዳንዱ እርምጃ የተጨመሩት ቬክተሮች ቁጥር ቢያንስ ያንን ያህል ርዝመት ያላቸውን ሰንሰለቶች ብዛት ይነግራል። ቆጠራው የአልጀብራ ብዜቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ሁልጊዜም ይደርሳል። አይገንቫልዩዎቹ ኮምፕሌክስ ቁጥር እንዲሆኑ እስከተፈቀደ ድረስ የጆርዳን ፎርም የሌለው ካሬ ማትሪክስ የለም፤ ፎርሙም ከብሎኮቹ ቅደም ተከተል በቀር አንድ ብቻ ነው። P ግን ብዙ ሊሆን ይችላል።

ጎዶሎ አይገንቫልዩ በፊዚክስም ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። በስፕሪንግ የተያዘ ክብደት ሰበቃ እየገታው ወደ ማረፊያው ሲመለስ እንቅስቃሴው x″ + cx′ + x = 0 በሚል እኩልታ ይገለጻል እንበል፤ c የሰበቃው መጠን ነው። c ከ 2 ሲያንስ ክብደቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ከ 2 ሲበልጥ ሁለት የተለያዩ አሉታዊ አይገንቫልዩዎች ይኖሩትና ሳይወዛወዝ እየተጎተተ ይመለሳል። ልክ 2 ሲሆን ሁለቱ አይገንቫልዩዎች −1 ላይ ይገጥማሉ። ቦታውንና ፍጥነቱን አንድ ቬክተር አድርገን ብንጽፈው የሚወጣው ማትሪክስ የሚከተለው ነው።

```
M = [  0   1 ]
    [ -1  -2 ]
```

ከ M ላይ −1 እጥፍ አይደንቲቲ ሲቀነስ የሚቀረው ከላይ በመጀመሪያው ምሳሌ የተገኘው ባለ ሁለት ረድፍ N ራሱ ነው። ስለዚህ v እና w እዚህም ይሠራሉ። መፍትሔው e⁻ᵗ በ (I + tN) ተባዝቶ ይገኛል፤ ክብደቱ ከ x = 1 ላይ ሳይገፋ ከተለቀቀ x = (1 + t)e⁻ᵗ ይሆናል። የዲፈረንሻል እኩልታ መጻሕፍት ለተደጋገመ ሥር t እያባዛችሁ ሁለተኛ መፍትሔ ጻፉ የሚሉት ሕግ ምንጩ ይህ ነው፤ t የምትመጣው w በየቅጽበቱ ከሚያክለው v ነው።

ይኸው ምሳሌ የጆርዳን ፎርምን ደካማ ጎንም ያሳያል። ጉድለቱ የተገኘው c ልክ 2 ላይ ብቻ ነው፤ በትንሹ ወደ የትኛውም ወገን ቢያዘነብል አይገንቫልዩዎቹ ይለያያሉ፣ ማትሪክሱም ዲያጎናል የሚሆን ይሆናል። ኮምፒዩተር ደግሞ ቁጥሮችን እያጠጋጋ ነው የሚሠራው። በመጀመሪያው J ውስጥ ከታች በግራ ባለው ዜሮ ቦታ ትንሽ ቁጥር ε ብትገባ አይገንቫልዩዎቹ ከ 2 ላይ በ ε ዳግም ዘር ይርቃሉ። ε 10⁻¹⁶ ቢሆን፣ ይህም የተለመደው የኮምፒዩተር የማጠጋጋት ስሕተት አካባቢ ነው፣ መራቁ 10⁻⁸ ይሆናል። አሥራ ስድስት አኃዝ ያህል ትክክል የነበረው ስምንት ብቻ ይተርፈዋል። ብሎኩ ባለ ሦስት ከሆነ ሣልስ ዘሩ ስለሚወሰድ ኪሳራው ይብሳል፤ የሚተርፈው አምስት አኃዝ ገደማ ነው።

በዚህ የተነሣ ተራ የቁጥር ፕሮግራም ለጎዶሎ ማትሪክስ አይገንቬክተር ሲጠየቅ ስሕተት አለ ብሎ አይቆምም። ሁለት እጅግ የተቀራረቡ አይገንቫልዩዎችንና ሁለት ተመሳሳይ ሊባሉ የሚችሉ አይገንቬክተሮችን ይሰጣል። እነዚያን እንደ ነጻ ቬክተሮች ቆጥሮ የሚቀጥል ሰው ተገላቢጦሻቸውን ሲፈልግ ግዙፍ ቁጥሮች ይወጡበታል። አይገንቫልዩዎቹ እስከ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው አኃዝ ተመሳስለው ከዚያ ሲለያዩ፣ ቬክተሮቹም በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሲመስሉ፣ ጉድለትን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጂን ጎለብና ጄምስ ዊልኪንሰን በ1976 ባሳተሙት ጥናት ይህን ችግር በስፋት መርምረዋል። በተጠጋጋ ቁጥር ለሚሠራ ስሌት የሚመረጠው በኢሳይ ሹር ስም የሚጠራው ፎርም ነው፤ በእርሱ ውስጥ ከዲያጎናሉ በታች ዜሮ፣ ከላይ ግን ማንኛውም ቁጥር ይገባል፣ መለኪያ መስመሮቹም እርስ በርስ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠሩ ስሕተትን አያጎሉም።

የጆርዳን ፎርም ራሱ ሲፈለግ ስሌቱ ሳይጠጋጋ በሙሉ ቁጥርና በክፍልፋይ መሠራት አለበት። የፓይተን ሲምፓይ ይህን ያደርጋል።

```
from sympy import Matrix
A = Matrix([[3, -1, -1], [2, 0, -2], [-1, 1, 3]])
P, J = A.jordan_form()
```

ቁጥሮቹ እዚህ ያለ ነጥብ መጻፋቸው ሆን ተብሎ ነው፤ 3 በ 3.0 ከተተካ ፕሮግራሙ ውጤቱን በተጠጋጋ ቁጥር ያወጣል። የሚወጣው P በእጅ ከተሠራው ሊለይ፣ የ J ብሎኮችም ቦታ ሊቀያየሩ ይችላሉ። AP እና PJ እኩል እስከሆኑና የ P ዲተርሚናንት ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው።